ምስጢሩ የቱ ነው? እስከ መቼስ?

«ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለም ሆነ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ድርጅቱን የሚመለከት ማንኛውንም መረጃ ለማንም ላለማሳወቅ ተስማምቷል።» በብዙ የቅጥር ውሎች መጨረሻ አካባቢ «ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች» ከሚለው ርዕስ ሥር ይህች ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። ያው ዓረፍተ ነገር «ሠራተኛው» የሚለው «አማካሪው» በሚል ብቻ ተቀይሮ ለአማካሪዎችም ይሰጣል። አሠሪው በእርሷ ተማምኖ ይቀመጣል፤ ፈራሚውም ሳያነባት ይፈርማል።

ክርክር ሲነሳ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ። «ማንኛውም መረጃ» የተባለው የትኛው ነው? «ከለቀቀ በኋላ» ሲባልስ እስከ መቼ? ለሁለቱም ወረቀቱ መልስ የለውም። የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚከፈትና የድርጅቱ ዋና ምርት የሚሠራበት ቀመር በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ እኩል ምስጢር ሆነው ተቀምጠዋል። ሁሉን እኩል ምስጢር ያደረገ ውል ደግሞ የትኛው በእርግጥ ምስጢር እንደነበረ ለማስረዳት አሠሪውን ራሱን ያስቸግረዋል። ከሳሽ ሆኖ ሲቀርብ፣ ሠራተኛው ይህን ያህል የተለየ ጥበቃ የሚያስፈልገው ነገር መያዙን እንዴት ሊያውቅ ይችል እንደነበር ይጠየቃል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በአዲስ አበባ ዳርቻ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እያዘጋጀ የሚሸጥ የባልትና ድርጅት አለ እንበል። ሠላሳ ያህል ሠራተኞች አሉት፤ ምርቱን ለከተማው ሱፐርማርኬቶችና በዋሽንግተን አካባቢ ላሉ የሐበሻ ሱቆች ያቀርባል። ውጭ ያሉት ገዢዎች የምግብ ደኅንነት ማረጋገጫ ስለጠየቁ ባለቤቷ ለአራት ወር አንድ አማካሪ ልትቀጥር ነው። አማካሪው የምርቱን ሂደት ከጥሬ ዕቃ መቀበያ እስከ ማሸጊያ ያያል፤ ቀመሩንም ማየቱ አይቀርም። ባለቤቷ ለእርሱም ለሠራተኞቿም የሚሆን የምስጢር ጥበቃ ውል ትፈልጋለች።

ብዙዎች እዚህ ላይ ከኢንተርኔት ናሙና አውርደው ስም ይሞሉበታል። ሥራው የሚጀምረው ግን ውሉ ከመጻፉ በፊት ነው። ባለቤቷ የምርት ኃላፊዋን፣ የሂሳብ ሠራተኛውንና የሽያጭ ኃላፊውን አስቀምጣ ድርጅቱ የሚያውቀውን ነገር አንድ በአንድ ታስቆጥር። ከዚያ እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ ታጣራዋለች። በዘርፉ ያለ ሰው በቀላሉ ሊያገኘው የማይችለው ነገር ነው? ባለመታወቁ ብቻ የገንዘብ ጥቅም ያስገኛል? ድርጅቱ እስከ ዛሬ ለመደበቅ የወሰደው እርምጃ አለ? እነዚህ ሦስት መስፈርቶች የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት፣ ትሪፕስ በሚባለው፣ አንቀጽ 39 ላይ ያሉ ናቸው፤ የብዙ አገሮች የንግድ ምስጢር ሕግም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ማጣሪያው በበርበሬው ላይ ሲሠራ እንይ። በርበሬ ውስጥ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንደሚገባ ማንም ባለሙያ ያውቀዋል፤ በማሸጊያው ላይም የግብዓቶቹ ዝርዝር ታትሟል። ስለዚህ ምን ምን እንደሚገባ ምስጢር አይደለም። ለአንድ ኩንታል ዛላ የእያንዳንዱ ቅመም መጠን፣ የትኛው ታምሶ የትኛው ሳይታመስ እንደሚገባ፣ ኮረሪማው በስንት ሙቀት ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ግን ከማሸጊያው ላይ አይነበብም። ምስጢሩ እዚያ ላይ ነው። በሦስተኛው ጥያቄ ግን ነገሩ ይከብዳል። የቀመሩ ሉህ በወፍጮው ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወፍጮ ሊጠግን የመጣ ሁሉ የሚያነበው ከሆነ፣ ድርጅቱ ራሱ ያልጠበቀውን ሌላው እንዲጠብቅለት ይጠይቃል ማለት ነው። ሉሁ ተነስቶ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ ውሉ ከዚያ በኋላ ይጻፍ።

ከማጣሪያው የሚቀረው አብዛኛው ነገር ሌላ መልክ አለው። የሽያጭ ኃላፊው የትኛው ሱፐርማርኬት ሰኞ እንደሚያዝ፣ የትኛው ሱቅ ገንዘብ እንደሚያዘገይ፣ የትኛዋ ገዢ ቅናሽ ካልተደረገላት እንደምትቆጣ ያውቃል። ይህ ሁሉ የድርጅቱ ምስጢር ነው ወይስ ሰውየው በሥራ ያካበተው የራሱ እውቀት?

በዚህ ጥያቄ ላይ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው ፍርድ የእንግሊዝ ነው። ፋቼንዳ ቺክን የተባለ ዶሮ አቅራቢ ድርጅት ትኩስ ዶሮ በማቀዝቀዣ መኪና እያዞረ ይሸጥ ነበር። የሽያጭ ሥራ አስኪያጁ ለቀቀና በዚያው አካባቢ ያንኑ ንግድ ከፈተ፤ ከድርጅቱ ሠራተኞች በርከት ያሉትም ተከተሉት። ድርጅቱ የደንበኞቼን ስምና አድራሻ፣ የመኪኖቹን መስመር፣ የማድረሻ ቀንና ሰዓቱን፣ የእያንዳንዱን ደንበኛ ዋጋ ተጠቀመብኝ ብሎ ከሰሰ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ድርጅቱን አልደገፈም። ጉዳዩ ሲታይ መረጃ በሦስት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ማንም ሊያውቀው የሚችል ተራ ነገር ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ በታማኝነት የሚጠብቀው፣ ሲለቅ ግን ከሙያውና ከልምዱ ጋር ተዋሕዶ አብሮት የሚሄድ ነው። ሦስተኛው ከለቀቀ በኋላም ሊጠቀምበት የማይችለው እውነተኛ የንግድ ምስጢር ነው። የዶሮው ዋጋና መስመር ከሦስተኛው ክፍል አልገባም። መረጃው ሾፌሮችን ጨምሮ በዝቅተኛ ደረጃ ያሉ ሠራተኞች ሁሉ የሚያውቁት ነበር፤ ምስጢር ነው ተብሎም ለይቶ የተነገራቸው ነገር አልነበረም፤ ዋጋው ምስጢር ሊሆን ቢችል እንኳ ድርጅቱ ከሌላው ተራ መረጃ ነጥሎ አላስቀመጠውም።

ይህ ፍርድ የኢትዮጵያን ፍርድ ቤት አያስገድድም። አመክንዮው ግን ውል ለሚያረቅ ሰው ጥሩ መመሪያ ነው፤ ከሰው ጭንቅላት ሊወጣ የማይችለውን እውቀት በወረቀት ለማሠር መሞከር ትርፍ የለውም። የሽያጭ ኃላፊው ገዢዎቹን በመልክ ያውቃቸዋል፤ ይህን አትርሳው ብሎም ርሳው ብሎም ማዘዝ አይቻልም። በኤክሴል ተሠርቶ የእያንዳንዱን ጅምላ ገዢ ዋጋ፣ የቅናሽ መጠንና የክፍያ ቀነ ገደብ የያዘው ሠንጠረዥ ግን ተነጥሎ የሚታወቅ ነገር ነው። ውሉ ሊጠብቅ የሚገባው ሠንጠረዡን ነው።

እንግዲህ ትርጉሙ ይጻፍ። እኔ ለዚህ ድርጅት ብጽፈው እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«በዚህ ውል ውስጥ ምስጢራዊ መረጃ ማለት፦ የድርጅቱን የበርበሬ፣ የሽሮና የሚጥሚጣ ምርቶች የግብዓት መጠን፣ የአዘገጃጀት ቅደም ተከተል፣ ሙቀትና ሰዓት የያዘው የቀመር መዝገብ፤ የጅምላ ገዢዎችን ዋጋ፣ ቅናሽና የክፍያ ሁኔታ የያዘው ሠንጠረዥ፤ ከቅመም አቅራቢዎች ጋር የተደረጉ የግዢ ውሎች ዋጋ፤ እንዲሁም የሠራተኞች የግል ማኅደር ነው። ድርጅቱ ወደፊት በጽሑፍ ‹ምስጢራዊ› ብሎ ለይቶ የሚሰጠው፣ ወይም በቃል ተናግሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ምስጢራዊ መሆኑን የሚያረጋግጠው መረጃም በዚህ ትርጉም ይካተታል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነገሮችን በስማቸው ይጠራል፤ ፈራሚው አንብቦ ምን እንደያዘ ያውቃል። ሁለተኛው ወደፊት ለሚመጣው በር ይከፍታል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው፣ የጽሑፍ ምልክት ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ማኅተሙ ከተቀረጸ በኋላ ድርጅቱ ያገኘውን ሁሉ «ምስጢራዊ» እያለ ያትምበታል፤ የስብሰባ ጥሪ፣ የምሳ መርሐ ግብር፣ የዓመት በዓል መልካም ምኞት ሳይቀር። በአንድ መሥሪያ ቤት ከሚወጡ ወረቀቶች አሥሩን አንስታችሁ ዘጠኙ ማኅተሙን ይዘው ካገኛችኋቸው፣ በክርክር ጊዜ ያ ምልክት ምንም እንደማይመሰክር ዕወቁት።

የሠራተኞች ማኅደር የሚለውም ማብራሪያ ይሻል። ግዴታው የሚያርፈው ማኅደሩን በሚይዘው ሰው ላይ ነው። የሰው ኃይል ሠራተኛዋ የሌሎችን ደመወዝና የሕክምና ወረቀት አታወጣም። ወፍጮ ቤት ያለው ሠራተኛ ግን የራሱን ደመወዝ ለጓደኛው ቢናገር የድርጅቱን ምስጢር አላወጣም፤ የራሱን ጉዳይ ነው የተናገረው። ውሉ ይህን በግልጽ ቢለው ብዙ አላስፈላጊ ፍርሃት ያስቀራል።

ቀጥሎ ከትርጉሙ የሚወጡት ይዘረዘራሉ፦ በፈራሚው ጥፋት ሳይሆን በይፋ የታወቀ፣ ፈራሚው ከውሉ በፊት ያውቀው የነበረ፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ከሌለበት ሦስተኛ ሰው በሕጋዊ መንገድ ያገኘው፣ የድርጅቱን መረጃ ሳይጠቀም ራሱ የደረሰበት። ለሠራተኛ እነዚህ አራቱ ብዙ ጊዜ አያከራክሩም። ለአማካሪ ግን የውሉ ልብ እነርሱ ናቸው።

አማካሪ ከሠራተኛ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ ንግድ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተከፍሎት የሚሠራን ሰው አይመለከትም። የአማካሪው ግንኙነት የሚገዛው በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን አዋጁ አይሞላለትም። ሁለተኛ፣ አማካሪ ባዶ እጁን አይመጣም። ይህ የምግብ ደኅንነት ባለሙያ ከዚህ በፊት በሌሎች ባልትና ቤቶች ሠርቷል፤ ነገም ይሠራል። የቅመም ማድረቂያ ክፍል እርጥበት እንዴት እንደሚለካ፣ ሻጋታ ከየት እንደሚነሳ ያውቃል። ውሉ ይህን እውቀቱን የድርጅቱ ምስጢር ካደረገበት ወይ አይፈርምም፣ ወይ ፈርሞ በማግስቱ ይጥሰዋል።

መፍትሔው አባሪ ነው። አማካሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይዞት የመጣውን ዘዴ፣ የቅጽ ናሙናዎቹንና የመመርመሪያ ዝርዝሮቹን በአንድ ገጽ ጠቅሶ ከውሉ ጋር ያያይዛል፤ እነዚህ የእርሱ ናቸው። ከድርጅቱ የሚያገኘው ቀመርና የዋጋ ሠንጠረዥ የድርጅቱ ነው። ረዳት ይዞ የሚመጣ ከሆነም ረዳቱ ያንኑ ግዴታ በራሱ ስም ካልፈረመ ቀመሩን አያይም። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ፊርማው የአማካሪው ሆኖ መረጃው የሚወጣው ፎቶ ካነሳው ረዳት ስልክ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። «ለምን ለዘላለም አይሆንም?» የሚሉ አሠሪዎች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ውል አርቃቂዎች በሁለት አቅጣጫ ይሰናከሉበታል።

አንደኛው መሰናክል ጊዜውን ማሳጠር ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ኢሲቲ ኢንተርናሽናል የተባለ ለኤሌክትሪክ ዲዛይን የሚያገለግል ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ከሠራተኞቹ ጋር ያደረገው ውል ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ለአንድ ዓመት ብቻ ምስጢር እንዲጠብቅ ያስገድድ ነበር። አንድ ሠራተኛ ከለቀቀ በኋላ ኩባንያው የንግድ ምስጢሬን ወስዷል ብሎ ከሰሰው። የግዛቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በሰጠው ውሳኔ ውሉን ራሱን በኩባንያው ላይ መሰከረበት፦ ጥበቃውን በአንድ ዓመት የወሰነ ድርጅት ከዚያ በኋላ መረጃው ምስጢር ሆኖ እንዲቆይ እንደማይፈልግ አሳይቷል። አንድ አጭር ቁጥር የሶፍትዌሩን የምስጢርነት ክርክር ገደለችው። ባለቤቷም ለበርበሬው ቀመር «ለሁለት ዓመት» ብላ ከጻፈች በሦስተኛው ዓመት የምትከራከርበት ነገር ያጥራታል።

ሁለተኛው መሰናክል ለሁሉም መረጃ ዘላለም ብሎ መጻፍ ወይም ስለ ጊዜው ዝም ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጊዜ ያልተወሰነላቸውን ውሎች ተዋዋዮቹ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሊያቋርጧቸው እንደሚችሉ በጠቅላላ ደንቡ ይላል። ስለ መቋጫው ዝም ያለ የምስጢር ውል ለዚህ ክርክር በሩን ክፍት ይተዋል፤ የለቀቀ ሠራተኛ ደብዳቤ ጽፎ «ግዴታዬን አቋርጫለሁ» ቢል ቢያንስ የሚያነጋግር ነገር ይዟል። ከዚህም በላይ የአምናው የጅምላ ዋጋ ዘንድሮ ለማንም አይጠቅምም። ምንም ጥቅም በሌለው መረጃ ሰውን ዕድሜ ልኩን ማሠር ፍትሐዊ አይደለም፤ ዳኛም በበጎ ዓይን አያየውም።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጊዜ መስጠት ትቶ ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት የራሱን ጊዜ መስጠት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ መረጃ በተፎካካሪ እጅ ቢገባ የሚጎዳው እስከ መቼ ነው? የባልትናው ድርጅት ዋጋውን በየዓመቱ ከአዲሱ የበርበሬ ምርት በኋላ ይከልሳል። ለዋጋ ሠንጠረዡ ሁለት ዓመት ይበቃዋል፤ አንዱ ለሚሠራበት ዋጋ፣ ሌላው ተፎካካሪ ከእርሱ ተነስቶ የሚቀጥለውን እንዳይገምት። ከአቅራቢዎች ጋር ያለው ውል ለሦስት ዓመት ከሆነ ግዴታው ከውሉ ማብቂያ ጋር ይሂድ። የሠራተኞች ማኅደር የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ ድርጅቱ በዓመት ቆጥሮ ሊለቀው አይችልም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የያዘ ድርጅት ላይ የራሱን ግዴታ ይጥላል። ቀመሩ ዓመት አይቆጠርለትም፤ የሚያበቃው በድርጊት ነው፦ «የቀመር መዝገቡን በሚመለከት ግዴታው ጸንቶ የሚቆየው መረጃው በፈራሚው ጥፋት ሳይሆን በሌላ ሕጋዊ መንገድ በይፋ እስከሚታወቅ ድረስ ነው፤ ድርጅቱ ምርቱን ትቶ ቀመሩን ምስጢራዊ አለመሆኑን በጽሑፍ ካሳወቀም ግዴታው ያበቃል።» ይህ ዘላለም ከማለት ይለያል፤ መቋጫው ምን እንደሆነ ተጽፏል።

ቆጠራው ከመቼ ይጀምራል የሚለው ደግሞ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ውሎችን ባዶ ያደረገ ነው። «ይህ ስምምነት ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት የጸና ይሆናል» የሚለው ከናሙና የሚገለበጥ ዓረፍተ ነገር በመደበኛ ሠራተኛ ላይ ሲሠራ ውጤቱ አስገራሚ ነው። የምርት ኃላፊዋ ውሉን በተቀጠረችበት ቀን ፈርማ ዘጠኝ ዓመት ብታገለግል፣ ግዴታዋ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ገና ቀመሩን በየቀኑ እያነበበች ሳለ አብቅቷል ማለት ነው።

በአማካሪው ላይም እንየው። ውሉን መስከረም 25 ቀን 2018 ፈረመ፤ ሥራው ከጥቅምት 1 እስከ ጥር 30 ነው። የመጨረሻ ሪፖርቱን ያስረከበው፣ በእጁ የነበረውን የዋጋ ሠንጠረዥ የመለሰውና ከድርጅቱ የቴሌግራም ቡድን የወጣው ግን የካቲት 15 ነው። ሁለት ዓመቱ ከፊርማው ከተቆጠረ መስከረም 25 ቀን 2020 ያበቃል፤ ከርክክቡ ከተቆጠረ የካቲት 15 ቀን 2020። መካከል ላይ ያለው ከአራት ወር በላይ ነው፤ በዚያ ወቅት ድርጅቱ ለውጭ ገዢዎች አዲስ ዋጋ የሚያቀርብ ቢሆን ጥበቃው የሚጎድለው በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ውሉ እንዲህ ይበል፦ «ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው የሥራ ግንኙነቱ ከተቋረጠበት ቀን ወይም ፈራሚው የያዘውን መረጃ ሁሉ መልሶ መዳረሻው ከተዘጋበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው።» አሠሪውም የሰውየውን መዳረሻ ሳይዘጋ ዓመቱን እንዳያራዝም፣ መዝጋቱን ሥራው ካበቃ በ15 ቀን ውስጥ የመፈጸም ግዴታ ይግባበት። ያለዚያ ዓረፍተ ነገሩ ወደ አንድ ወገን ያደላል።

ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ውሉ ዝም ሊያሰኛቸው የማይችላቸው ነገሮች አሉ። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር እየተቀላቀለ መሸጡ በአገራችን ሰው የሚያውቀው ወንጀል ነው። የዚህ ድርጅት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ለፖሊስ ወይም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢጠቁም፣ «የቀመር ምስጢር አወጣ» ተብሎ ሊከሰስ አይገባም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 መሠረት ሕገ ወጥ ወይም ለሕሊና ተቃራኒ የሆነ ጉዳይ ያለው ውል አይጸናም፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም ወጥቷል። ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሕግ ሲጠይቅም መረጃ ይሰጣል። ይህን በውሉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ መጻፍ ለአሠሪው ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የቀረውን ክፍል ያጠነክረዋል፣ ውሉ ጥፋት ለመሸፈን የተጻፈ አለመሆኑን ያሳያልና።

በአሜሪካ ሠራተኛ ወይም አማካሪ ለሚቀጥሩ የእኛ ሰዎች ይህ አንቀጽ ከምክር ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል የንግድ ምስጢር ጥበቃ ሕግ፣ ሠራተኛም ሆነ አማካሪ የሕግ ጥሰትን ለመጠቆም ምስጢሩን ለመንግሥት ባለሥልጣን ወይም ለጠበቃ በምስጢር ቢገልጽ እንደማይጠየቅ ይደነግጋል፤ አሠሪው ይህን በውሉ ውስጥ እንዲያሳውቅም ይፈልጋል። ያላሳወቀ አሠሪ በዚያ ሕግ መሠረት ያንን ሰው ከስሶ ቢረታ እንኳ የቅጣት ካሳና የጠበቃ ወጪ ማግኘት አይችልም።

ስለ ቅጣት ከተነሳ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1889 ተዋዋዮች የካሳውን መጠን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ምስጢር ሲወጣ የደረሰውን ኪሳራ በብር አስልቶ ማስረዳት ከባድ ስለሆነ ይህ ጠቃሚ አንቀጽ ነው። ግን መጠኑ ከሰውየው አቅምና ከሚጠበቀው ጉዳት ጋር ይመጣጠን፤ በወር 12,000 ብር ለሚከፈላት አሻጊ አምስት ሚሊዮን ብር መጻፍ ማስፈራሪያ እንጂ ካሳ አይደለም። አሠሪው ገንዘቡን ከደመወዝ ላይ በራሱ ሥልጣን ቆርጦ እንደሚያስቀረው የሚገልጽ አንቀጽም አደጋ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከደመወዝ የሚቆረጥበትን ምክንያት የወሰነ ሲሆን፣ በሚፈቀድበት ጊዜም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ያዛል።

ሌላው ጥንቃቄ፣ በምስጢር ውል ውስጥ «በተመሳሳይ ሥራ ላይ አይሰማራም» የሚል ዓረፍተ ነገር አሹልኮ አለማስገባት ነው። ሰውን ከሙያው ማገድ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የራሱ ገደብና የራሱ ድርድር ያስፈልገዋል። የሽያጭ ኃላፊው ሌላ ባልትና ቤት መቀጠር ይችላል፤ የማይችለው ሠንጠረዡን ይዞ መሄድ ነው።

ውሉ ከቅጥሩ ወይም ከማማከር ውሉ ጋር በአንድ ቀን፣ መረጃው ከመታየቱ በፊት ይፈረም። አማካሪው መጀመሪያ ፋብሪካውን ዞሮ ቀመሩን አይቶ በሁለተኛው ሳምንት ቢፈርም፣ የመጀመሪያው ሳምንት እይታው በየትኛው ግዴታ ሥር እንደነበረ ሌላ ክርክር ይወልዳል። ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ ለፈራሚው ይሰጠው፤ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የቀረበ ውል ትርጉሙን ለማን እንደጻፈው አይታወቅም።

ባለቤቷ ዝርዝሩን በየዓመቱ መስከረም ላይ ታየዋለች። ይፋ የወጣውን ታወጣለች፤ አዲስ የመጣውን በጽሑፍ ትጨምራለች። ሰው ሲለቅ ደግሞ አንድ የመሰነባበቻ ቅጽ ይሞላል። በአንድ ዓምድ ሰውየው በሥራው ላይ ያገኛቸው የምስጢር ዓይነቶች ይሰፍራሉ፤ በሁለተኛው የመለሳቸው ሰነዶች፣ ከስልኩና ከላፕቶፑ ያጠፋቸው ፋይሎች፣ የወጣባቸው የቴሌግራም ቡድኖች፤ በሦስተኛው እያንዳንዱ ግዴታ የሚያበቃበት ቀን። በምርት ኃላፊዋ ቅጽ ላይ ከዋጋ ሠንጠረዡ አጠገብ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፋል፤ ከቀመሩ አጠገብ «በይፋ እስኪታወቅ» ተብሎ ይሞላል። እርሷም ድርጅቱም ፈርመውበት አንዱን ቅጂ ይዛ ትሄዳለች።